ከአምስት ሲኒ አንዱ

ቡና የሚቀምስ ሰው ሥራው ዝምታ ይፈልጋል። ማንኪያውን ሞልቶ ፈሳሹን በኃይል ወደ አፉ ይስባል፣ ምላሱ ላይ ያንከባልለዋል፣ ይተፋዋል፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ወደ ቀጣዩ ሲኒ ያልፋል። እንዲህ ሲያደርግ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ዕውቀት አብዛኛው በየትኛውም ሰነድ ላይ አልተጻፈም። አፍንጫውና ምላሱ ውስጥ፣ እንዲሁም ባየው ስህተት ብዛት ውስጥ ነው ያለው። ይህ ዕውቀት በስንት ይሸጣል? ማን ይገዛዋል? ባለሙያው ራሱስ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ያውቃል ወይ? ይህ ጽሑፍ በመንግሥት የቡና ጥራት ምርመራ ሥራ ላይ 35 ዓመት ቆይተው በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡና አሁን ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በአማካሪነት የሚሠሩ አንድ ሰው የሄዱበትን መንገድ ይከተላል። በጠየቁኝ መሠረት ስማቸውን አልጠቅስም።

መጀመሪያ ለምን ገበያ እንደተፈጠረላቸው ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከአቅራቢዎች የሚመጣው አብዛኛው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ነበር። የአንዱ ጣቢያ ቡና ከሌላው ጋር በአንድ ምድብ ስለሚገባ ገዢው ከየት ማሳ፣ ከየትኛው ገንዳ እንደወጣ አያውቅም። ጣቢያው ጥሩ ቢሠራም ባይሠራም ስሙ ሩቅ አይሄድም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 እና ከእሱ በኋላ የወጡት መመሪያዎች ይህን ቀየሩት። አቅራቢው፣ አርሶ አደሩም ሳይቀር፣ መስፈርቱን ሲያሟላ በራሱ ስም ወደ ውጭ መላክ ቻለ። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተካሄደው የ«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ በአንድ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ስም ያለው ቡና ምን ሊያወጣ እንደሚችል ሁሉም ሰው አየ።

ስም ሲመጣ ግን ጥፋቱም ስም ይኖረዋል። ድሮ በጅምላው ውስጥ ይጠፋ የነበረው የአንድ ጣቢያ ጉድለት አሁን ከባሕር ማዶ በኢሜይል ተመልሶ ይመጣል፦ ናሙናው ተቀባይነት አላገኘም። የጣቢያው ባለቤት ነጋዴ ነው፤ እሸት መግዛት፣ ሠራተኛ ማስተዳደር፣ ብድር ማንቀሳቀስ ያውቃል። ቡናው ለምን እንደተበላሸ ግን አያውቅም። እዚህ ጋ ነው ጡረተኛው ቀማሽ የሚፈለገው።

ሰውየው ጡረታ የወጡበትን ሒሳብ ላስቀምጥ፤ ብዙ አንባቢ የራሱን እንዲያሰላበት ይጠቅማል። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 35 ዓመት ላገለገለ ሰው ሲሰላ 61.25 በመቶ ይሆናል። ደመወዙ ራሱ ቀድሞም ኑሮን አጥብቆ የያዘ ካልነበረ፣ ከሱ ሠላሳ ዘጠኝ በመቶ ገደማ መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰውየው ወደ አማካሪነት የገቡት ሥራ ስለናፈቃቸው ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ምንም ገቢ አለፉ፤ ሥራ ግን ሞልቶ ነበር። ስልክ ይደወላል፦ «ጋሼ፣ አንድ ናሙና ነበረችኝ፣ አንዴ ብቻ ይቅመሱልኝ።» ይሄዳሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይናገራሉ፣ ምሳ ይጋበዛሉ፣ ይመለሳሉ። ደዋዩ የሚያውቃቸው ሰው ነው፤ ዋጋ መጥራት ይሉኝታ ያዛቸው። እንዲህ የሚጠፋው አንድ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ናሙናው የሚቆላው ከአንድ ቀን በፊት ነው፣ ላቦራቶሪ የሚከራዩት በራሳቸው ገንዘብ ነው፣ ትራንስፖርቱም አለ። ከሁሉ የከፋው ግን የሰጡት መልስ ምንም አለመሥራቱ ነበር። «ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል፣ ገንዳው ላይ ቆይቷል መሰለኝ» ይላሉ፤ ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል፤ በጣቢያው የሚለወጥ ነገር የለም። በነጻ የተሰጠ ምክር ተግባር ላይ አይውልም፤ ምክንያቱም ማንም ተከታትሎ አያስፈጽመውም።

ሁለተኛው ዓይነት ጥሪ ደግሞ ገንዘብ ነበረው፣ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚፈልገው። አንድ የጣቢያ ባለቤት ጥሩ ክፍያ አቅርቦ እንዲህ አላቸው፦ «ጋሼ፣ ላቦራቶሪ ያሉት ልጆች የእርስዎ ተማሪዎች አይደሉ እንዴ? ቡናዬ ሲገባ አንዴ ቢደውሉላቸው ነው እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።» ሰውየው የመለሱለት እንዲህ ነበር፦ «ስልክ የሚደውልልህ ሌላ ሰው ፈልግ። ቡናህ ምን እንደነካው እንድነግርህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ናሙናውን ስጠኝ።»

ይህን መልስ እንደ ጨዋነት ብቻ ማየት አይበቃም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የወጣ ባለሙያ ሁሉ ይህ ፈተና ይገጥመዋል፤ መሐንዲሱን የግንባታ ፈቃድ እንዲያስወጣ፣ የግብር ኦዲተሩን የድሮ ባልደረቦቹን እንዲያነጋግር ይጠይቁታል። የሚገዛው ትውውቁ ከሆነ ዋጋው በየዓመቱ ይወርዳል። የሚያውቃቸው ሰዎች ይዛወራሉ፣ ያድጋሉ፣ እነሱም ጡረታ ይወጣሉ፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የሚደውልላቸው አይኖረውም። በቡናው ዘርፍ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በደረጃ አሰጣጡ የጥሬው ቡና ገጽታ 40፣ ሲኒው 60 ነጥብ ይይዛል። በስልክ የተገኘ ነጥብ ወረቀቱን ያሳምረው ይሆናል እንጂ ሲኒውን አይለውጠውም፤ ከባሕር ማዶ ያለው ገዢ ራሱ መልሶ ይቀምሰዋልና። ያ ባለቤት በዚያ ቀን ተቆጥቶ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ናሙናው ውድቅ ሲደረግበት ተመልሶ መጣ፤ የመጀመሪያው እውነተኛ ደንበኛቸውም እሱ ሆነ።

የገዢው ቅሬታ አጭር ነበር፦ ጥሩ ቡና ነው፣ ግን አልፎ አልፎ የበሰበሰ ሽታ ያለው ሲኒ ይገኛል። ባለቤቱ ጥፋቱ ማድረቂያው ላይ ነው ብሎ አስቦ አዲስ ሸራና ላስቲክ ገዝቷል፣ አልጋዎቹንም ጨምሯል። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ችግሩ ግን አልጠፋም።

ቀማሹ የመጀመሪያውን ሥራ የሠሩት ጣቢያው ድረስ ሳይሄዱ ነበር። ቡና ሲቀመስ ከአንድ ናሙና የሚዘጋጀው አንድ ሲኒ አይደለም፤ በተለመደው ዓለም አቀፍ አሠራር አምስት ነው። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል፤ የየሲኒው ቡና ደግሞ ለየብቻው ይፈጫል። ለየብቻው መፈጨቱ ትርጉም አለው፦ አንድ የተበላሸ ፍሬ ቢኖር የሚገባው ወደ አንዱ ሲኒ ብቻ ነው። እናም ጥፋቱ በስንት ሲኒ እንደታየ መቁጠር ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። አምስቱም ከኮመጠጡ ሙሉው ገንዳ ከሚገባው በላይ ቆይቷል ማለት ነው። አምስቱም ሣር ሣር ካሉና አፍ ካደረቁ፣ ያልበሰለ አረንጓዴ እሸት ተቀላቅሏል። አምስቱም ፈዘው የወረቀት ዓይነት ጣዕም ካላቸው፣ ቡናው በጣም ፈጥኖ ደርቋል ወይም መጋዘን ውስጥ አርጅቷል። አራቱ ንጹሕ ሆነው አንዱ ብቻ ከሸተተ ግን፣ ሥራው በጠቅላላ ደህና ነው፤ ከሌላው ጋር ያልሄደ፣ አንድ ቦታ ተደብቆ የበሰበሰ ፍሬ አለ።

ለመጠንቀቅ ሲሉ ከአምስት ይልቅ አሥር ሲኒ አዘጋጁ። ዘጠኙ ንጹሕ፣ የአበባና የሎሚ ጠረን ያለው የሲዳማ ቡና ነበር። ሰባተኛው ሲኒ ክዳን ሳይነካ ይሸታል። በዚያ ቀን ባለቤቱን አስቀምጠው ዘጠኙን አስቀመሱት፣ ከዚያ ሰባተኛውን። ሸራውና ላስቲኩ ለምን እንዳልረዳው ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። አልጋ ላይ የሚፈጠር ጥፋት ብዙውን ጊዜ ብዙ ፍሬ ላይ ይታያል፤ አንድ ፍሬ ብቻውን አይመርጥም።

ወደ ጣቢያው የሄዱት በኅዳር፣ በሥራው መሐል ነው፤ የደረሱትም ሆን ብለው በማታ ነው። እሸቱ ቀን ይለቀማል፣ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፣ መፈልፈል የሚጀመረው አመሻሹ ላይ ነው፤ አንዳንዴ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። ጥፋቱ የሚሠራው በዚያ ሰዓት ነው፤ ቀን የሚመጣ እንግዳ የሚያየው ያማሩ አልጋዎችን ብቻ ነው። ወንበር አምጥተው መፈልፈያው አጠገብ ተቀመጡ፣ እስከ መጨረሻው ከረጢት ድረስ ምንም አልተናገሩም። ሥራው ሲያልቅ ሠራተኞቹ ደክሟቸው ነበርና በማሽኑ ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ ደፍተው ሄዱ። ሰውየው ባትሪያቸውን አብርተው ከሲሚንቶ የተሠራውን ቦይ በእጃቸው ዳሰሱት። ማብላያ ገንዳው አጠገብ፣ ቦዩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሲሚንቶው ተፈርፍሮ ጉድጓድ ሠርቷል። ከጉድጓዱ በሁለት እጅ የሚታፈስ ፍሬ አወጡ። የላይኛው የዚያ ምሽት ነበር። የታችኛው ጠቁሮ ነበር፤ ሽታውም ላቦራቶሪ ውስጥ ከሰባተኛው ሲኒ የወጣው ያው ሽታ ነበር።

ያ ፍሬ ከሁለት ከሦስት ቀን በፊት እዚያ ቀርቷል። በየምሽቱ የሚያልፈው ውኃ ጥቂት ጥቂቱን እየነቀለ ከአዲሱ ቡና ጋር ገንዳ ውስጥ ያስገባዋል። አንዴ ከደረቀና ገለፈቱ ከተላቀቀ በኋላ ለዓይን ከሌላው ፍሬ ብዙም ስለማይለይ የሚለቅሙት ሴቶች ያልፉታል። መፍትሔው ርካሽ ነበር፦ ቦዩንና የገንዳዎቹን ማዕዘኖች በሲሚንቶ አስተካክሎ መለሰን፣ ማሽኑንና ቦዩን በየሌሊቱ በብሩሽ መጥረግ፣ የመጨረሻው ሰው እጁን አስገብቶ ከዳሰሰ በኋላ በመዝገብ ላይ እንዲፈርም ማድረግ። ከዚያ በኋላ የየቀኑ ምርት በየራሱ አልጋ ላይ፣ ቀኑ የተጻፈበት ታርጋ ተደርጎለት እንዲደርቅ አደረጉ። ይህ ታርጋ ከሲሚንቶው ያልተናነሰ ጥቅም አለው። ቀን ከቀን ከተቀላቀለ ጥፋቱ መቼ እንደተፈጠረ መከተል አይቻልም፤ ተለያይቶ ከተቀመጠ ግን አንድ መጥፎ ቀን ሙሉውን ምርት ይዞ አይጠፋም።

ጥገናው መሥራቱ የተረጋገጠው ቡናው ሲደርቅ ነው። የታጠበ ቡና በአልጋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይነሳል። ከጥገናው በፊት የነበሩትንና በኋላ የመጡትን የየቀኑን ናሙናዎች ለየብቻ፣ አሥር አሥር ሲኒ እያዘጋጁ ቀመሱ። የመጀመሪያዎቹ ላይ የሚሸተው ሲኒ እዚህም እዚያም ተገኘ፤ ከጥገናው በኋላ ባሉት ላይ ጠፋ። ባለቤቱ ንጹሑን ለብቻው ላከ፣ የቀድሞውን በዝቅተኛ ዋጋ ለሌላ ገበያ ሸጠው።

የዚህ ሥራ ዋጋ ስንት ነው? ብዙ ጡረተኛ ባለሙያ እዚህ ጋ ይሰናከላል፤ የድሮ ደመወዙን ለ30 ቀን አካፍሎ ያንን ይጠይቃል። ደመወዝተኛ ግን የሚከፈለው በዓመት ለሁሉም ቀን ነው፤ አማካሪ የሚከፈለው ሥራ ላለበት ቀን ብቻ ነው። የማጠቢያው ወቅት በደቡብ በኩል ከጥቅምት እስከ ጥር ገደማ ነው። በመንገድ፣ በድርድር፣ ሪፖርት በመጻፍና ደንበኛ በመፈለግ የሚያልፈውን ቀን ማንም አይከፍልም። ሰውየው ራሳቸውን ሳይደልሉ ሲቆጥሩ በዓመት ሊከፈላቸው የሚችለው 60 ቀን ያህል ሆኖ አገኙት።

እንግዲህ ሒሳቡን በቀላል ቁጥር እንሥራው። አንድ ባለሙያ ከጡረታው በላይ በወር 25,000 ብር ቢፈልግ በዓመት 300,000 ይሆናል። የላቦራቶሪ ኪራይ፣ ስልክ፣ የፈቃድ እድሳት፣ የሒሳብ ሠራተኛና ግብር ተደምሮ 180,000 ቢፈጅ ጠቅላላው 480,000 ነው። ይህን ለ60 ስናካፍለው የቀን ክፍያው 8,000 ብር ይመጣል። መጀመሪያ ሲሰማ ብዙ ይመስላል። ግን ከዚያ በታች የሚሠራ ሰው ከጡረታው እየቀነሰ ለደንበኛው ይጨምርለታል ማለት ነው።

ለደንበኛው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። አንድ ኮንቴይነር ቡና 320 ጆንያ ነው፤ በ60 ኪሎ ሲባዛ 19,200 ኪሎ። ይህ ከ42,300 ፓውንድ በላይ ነው። ንጹሕ ሲኒ በፓውንድ 20 ሳንቲም ብቻ ቢጨምር እንኳ ከአንድ ኮንቴይነር ከ8,400 ዶላር በላይ ልዩነት ይገኛል። ለምርመራ 4 ቀን፣ በወቅቱ ውስጥ ለጉብኝት 12 ቀን፣ ናሙና ለመቅመስ 8 ቀን ተደምሮ 24 ቀን ለሚፈጅ ሙሉ ውል 192,000 ብር የሚጠይቅ አማካሪ፣ ይህን ሒሳብ በወረቀት አስቀምጦ ሲያቀርብ ድርድሩ ይቀየራል። 60ው ቀን ደግሞ በዓመት ሁለት ሙሉ ውልና አንድ አጭር ምርመራ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደንበኛ ለመያዝ መሞከር በኅዳር አንድ ሌሊት ሁለት ጣቢያ ላይ እንደመገኘት ነውና አይሆንም።

አንዳንድ ባለቤቶች የቀን ክፍያውን ትተው «ከጭማሪው ላይ በመቶኛ እንካፈል» ይላሉ። የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ ሰውየው ግን አይቀበሉትም፣ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። የቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል፤ በዚያ ላይ አማካሪው ምንም ሥልጣን የለውም። ሥራውን በሚገባ ሠርቶ ዋጋ ስለወረደ ብቻ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ ነጥብ በጨመረ ቁጥር ገንዘብ የሚያገኝ ቀማሽ፣ እሱ ራሱ ሳያስበው ምላሱ ወደ ላይ ያዘነብላል። ነጥቡን የሚሰጥ ሰው ከነጥቡ መጠቀም የለበትም። በተመሳሳይ ምክንያት ከሻጩ እየተከፈላቸው ለገዢው አይቀምሱም።

ክፍያው መቼ እንደሚከፈልም ከመጠኑ እኩል ያሳስባል። «ቡናው ሲሸጥ» የሚል ውል የፈረመ አማካሪ ገንዘቡን ለማየት እስከ ክረምት ሊጠብቅ ይችላል፤ ላኪው ራሱ ገንዘቡ ተይዞበት ሊሆን ይችላልና። የእሳቸው ውል 40 በመቶውን ሲፈረም፣ 30 በመቶውን የምርመራው ሪፖርት ሲቀርብ፣ ቀሪውን የመጨረሻው አልጋ ሲነሳ ያስከፍላል። መጓጓዣና ማደሪያ ለብቻው በደንበኛው ነው። ውሉ ሁለት ገጽ ነው። የሚሠራውን ይዘረዝራል፣ የማይሠራውንም በግልጽ ይጽፋል፦ አማካሪው ደረጃ እንደሚያስገኝ ዋስትና አይሰጥም፣ ከምርመራ ላቦራቶሪ ጋር በደንበኛው ስም አይነጋገርም፣ ገዢ አያፈላልግም፣ የአንዱን ጣቢያ ናሙና ውጤት ለሌላው አይናገርም። ይህ የመጨረሻው ለአካባቢው በጣም ያስፈልጋል፤ ጣቢያዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው፣ እሸት የሚገዙትም ከአንድ ገበሬ ነው።

ሕጋዊ መልኩንም መዝለል አይቻልም። የአማካሪነት ንግድ ፈቃድ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝም ያስፈልጋሉ። ላኪ ድርጅት ያለ ደረሰኝ የከፈለውን እንደ ወጪ መያዝ ስለማይችል፣ ፈቃድ የሌለውን አማካሪ ቢፈልገውም ይሸሸዋል። በገቢ ግብር አዋጁ መሠረት የመለያ ቁጥርና ፈቃድ ለማያቀርብ አቅራቢ ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ ይያዛል። ሰውየው ይህን ካወቁ በኋላ ነው ፈቃዱን ለማውጣት የቸኮሉት።

ስለ ክፍያው ይህን ያህል ካልን፣ ዕውቀቱ እንዴት ወደ ሌላ ሰው እንደሚተላለፍ እንይ፤ ለኔ ከሁሉም የሚደንቀው ይህ ክፍል ነው። አማካሪው ወቅቱን ሙሉ ጣቢያው ላይ አይኖርም። ከሄደ በኋላ ሌሊቱን የሚወስነው የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለዚህ ሰውየው ለሠላሳ ዓመት በደመ ነፍስ ያደርጉት የነበረውን ነገር በቃል መግለጽ ግድ ሆነባቸው። ለምሳሌ ገንዳ ውስጥ ያለው ቡና በቅቷል አልበቃም የሚለው። የጣቢያው ልማድ «36 ሰዓት» የሚል ነበር። ግን ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሙጫው ለመሟሟት ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ እንደ ከፍታውና እንደ አየሩ ከ24 ሰዓት እስከ 48፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሰዓት ብቻ የሚሠራ ሰው በሞቀ ሳምንት ሙሉ ገንዳ ያኮመጥጣል።

«እንዴት ነው የሚያውቁት?» ሲባሉ መጀመሪያ የመለሱት «ስነካው አውቀዋለሁ» የሚል ነበር። ይህ መልስ እውነት ነው፣ ግን ለሥራ አስኪያጁ ምንም አይሰጠውም። ቁጭ ብለው ራሳቸውን ከጠየቁ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲህ አወጡት፦ ከ18ኛው ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ከገንዳው መሐልና ከማዕዘን አንድ አንድ እፍኝ አውጣ። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀህ በመዳፍህ እሸው። የሚያሟልጭ ከሆነ መልሰው፤ እንደ ጠጠር ከሻከረና ከተንሿሿ በቅቷል። ከዚያ ዱላ በገንዳው ውስጥ ቀጥ አድርገህ ሰክተህ ንቀለው፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ገና ነው፣ ቀዳዳው ከቆመ ውኃውን ልቀቅ። ሁለቱ ካልተስማሙ እጅህን እመን። ይህች ወረቀት በላስቲክ ተለብጣ ገንዳው አጠገብ ተሰቅላለች። ሥራ አስኪያጁም የራሱን ፍርድ ሰዓቱን ጠቅሶ ይጽፋል፤ ቡናው ሲደርቅና ሲቀመስ ፍርዱ ትክክል እንደነበር ወይም እንዳልነበር ሁለቱ አብረው ያያሉ። ከአንድ ወቅት በኋላ ወጣቱ ስልክ ሳይደውል መወሰን ጀመረ።

በቅምሻው በኩልም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ላቦራቶሪው ላይ የቀጠራትን ወጣት ቀማሽ የሚያለማምዱት ሦስት ሦስት ሲኒ እያደረጉ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው የተለየ። የትኛው እንደሆነ ሳይነገራት ለይታ ታወጣለች። መጀመሪያ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ እየቆየ ይጠባል። ሆን ተብሎ አንድ የበሰበሰ ፍሬ ብቻ የገባበት ሲኒም በመሐል ይቀመጣል።

በዚህ ልምምድ ግን የሚፈተነው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሰውየው ራሳቸው ከእሷ ጎን ቆመው ያንኑ ፈተና ይወስዳሉ፣ መልሳቸውንም በተመሳሳይ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። የማሽተት ኃይል ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ ከስድሳ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ የሚከብደውም ባለቤቱ ሳያውቀው መሆኑ ነው። ድሮ ስሙ የታወቀ ቀማሽ አንድ ቀን ስህተቱን ማለፍ ይጀምራል፤ አክብሮት የሚነግረውን ሰው ይከለክለዋል። መድኃኒቱ በየጊዜው በስውር መፈተን ነው፤ ከስሜቱ በፊት የሚናገረው ወረቀቱ ነውና። እስካሁን በጉልህ ጥፋቶች ላይ አልተሳሳቱም። የአበባውን ረቂቅ ጠረን በመለየት ግን ወጣቷ አልፎ አልፎ ትበልጣቸዋለች። ይህን ካዩ በኋላ የውላቸውን ይዘት ለወጡት፦ ለሽያጭ የሚያገለግለውን ነጥብ እንድትሰጥ ለእሷ ትተው፣ እሳቸው ጥፋትን ወደ ምንጩ የመከተሉን ሥራ ያዙ። ለዚያኛው የሚያስፈልገው ረጅም ማስታወስ ነው፤ ይህ ሽታ የየትኛው ጥፋት እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት የት እንዳዩት።

ይህ አሠራር ደግሞ ገቢያቸውን በራሱ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ደንበኛ በሁለተኛው ዓመት 24 ቀን አላስፈለገውም፤ ለ9 ቀን ተዋዋሉ። በሦስተኛው ዓመት መጥተው እንዲያዩለት የጠራቸው አንድ አዲስ ገንዳ ሲያሠራ ብቻ ነው። የቀረውን ቀን የሞሉት በዚያ ባለቤት አፍ የሰሙ ሁለት ጎረቤት ጣቢያዎች ናቸው፤ አንደኛው ናሙናውን ሲልክ ከቅሬታው ጋር አንድ ጥያቄ ጽፎበት ነበር፦ አሥሩም ሲኒ ነው የሚኮመጥጠው፣ የት እንጀምር?